አንድ ሠራተኛ፣ ሁለት ኃላፊ፦ በወረዳ የፋይናንስ ፑል ውስጥ ትእዛዝ ሲጋጭ

ማትሪክስ የሚባለው አደረጃጀት አንድን ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ለሁለት ኃላፊዎች ተጠሪ ያደርገዋል። አንደኛው የሙያው ኃላፊ ነው፤ ሥራው በሙያው ደንብ መሠረት መሠራቱን ይጠብቃል። ሁለተኛው ሥራው የሚሠራለት ክፍል ኃላፊ ነው፤ ውጤቱ በሚፈለግበት ቀን እጁ እንዲገባ ይፈልጋል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ ይህ ድርብ ተጠሪነት ይባላል። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ለወረዳው አስተዳደርም በላዩ ላለው የጤና መዋቅርም ሪፖርት ሲያደርግ፣ የባንክ ቅርንጫፍ ተቆጣጣሪ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ለዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥጥር ክፍልም ሲታዘዝ፣ የእርዳታ ድርጅት ባለሙያ ለመስክ አስተባባሪውም ለፕሮግራም ኃላፊውም ሲሠራ የሚታየው ይኸው አደረጃጀት ነው።

የአስተዳደር ትምህርት ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ ስሕተት ይቆጥረው ነበር። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣው ሥራው አንድ ሠራተኛ ትእዛዝ መቀበል ያለበት ከአንድ አለቃ ብቻ መሆኑን ከመሠረታዊ ደንቦቹ መካከል አስቀምጦታል። ደንቡ የተጣሰው አስገዳጅ ሁኔታ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት የአውሮፕላንና የጠፈር መንኮራኩር ሥራ ለኩባንያዎች ሲሰጥ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት በስም የሚጠየቅ አንድ ሰው እንዲኖር ፈለገ። ኩባንያዎቹ ደግሞ መሐንዲሶቻቸውን በየፕሮጀክቱ በትነው የሙያ ክፍሎቻቸውን ማፍረስ አልፈለጉም። ስለዚህ መሐንዲሱ በሙያ ክፍሉ እንደተቀመጠ ለፕሮጀክቱም እንዲታዘዝ ተደረገ። ስታንሊ ዴቪስና ፖል ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ማትሪክስ በጻፉት መጽሐፍ አደረጃጀቱን በጥልቀት መርምረው፣ ሁለት ተቃራኒ ግፊቶች እኩል የሚያስፈልጉበት ቦታ ካልሆነ በቀር እንዳይሞከር አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ዛሬም ያስፈልጋል፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ማትሪክስ የሆኑት አስበውበት አይደለምና።

በኢትዮጵያ የዚህ አደረጃጀት ጥሩ ምሳሌ የወረዳ የፋይናንስ ፑል ነው። በ1994 ዓ.ም. በጀትና ውሳኔ ወደ ወረዳ እንዲወርድ ሲደረግ ወረዳዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሆኑ። ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርናና ለሌላውም ጽሕፈት ቤት የየራሱን ሂሳብ ሠራተኛ፣ ገንዘብ ያዥና ግዢ ሠራተኛ ለመመደብ ግን በቂ የሠለጠነ ሰው አልነበረም። መፍትሔው የሂሳብና የግዢ ባለሙያዎችን በፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሥር ሰብስቦ ብዙ ጽሕፈት ቤቶችን በጋራ እንዲያገለግሉ ማድረግ ሆነ። በዚህ አሠራር የሂሳብ ባለሙያዋ የምትቀጠረው፣ የምትመደበውና የምትመዘነው በፑሉ በኩል ነው። ወጪ ማዘዣው ላይ የሚፈርመው፣ ዕቃው የሚያስፈልገውና ክፍያው ዘገየ ብሎ ጠረጴዛዋ አጠገብ የሚቆመው ግን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው።

የሁለቱ ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ አይጋጭም። በጥቅምትና በኅዳር ሥራው ቀለል ያለ በመሆኑ ሁለቱም የጠየቁት ይሠራላቸዋል፤ ባለሙያዋም ሁለት አለቃ እንዳላት ላትገነዘብ ትችላለች። ግጭቱ ፊት ለፊት የሚመጣው በሰኔ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት በጀት ለጽሕፈት ቤቱ አይቀርለትም። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በሰኔ የሚያስበው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተፈቀደው ገንዘብ ወደ ካዝና ሳይመለስ ትምህርት ቤቶች የጠየቁትን ዕቃ ማግኘታቸው። የፑሉ አስተባባሪም እንዲሁ አንድ ሐሳብ ይዘዋል፤ የዓመቱ ሂሳብ ሲዘጋ የባንክ ማስታረቂያ የጎደለበት፣ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ የተንጠለጠለበት፣ ነገ በኦዲተር ፊት የሚያስጠይቅ መዝገብ እንዳይኖር። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ይህ ነጥብ ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ይጣመማል፤ በመካከል ያለው ሠራተኛ አንዱን ኃላፊ አስቸጋሪ፣ ሌላውን አስተዋይ አድርጎ ማየት ሲጀምር ከማትሪክሱ ወጥቶ የአንዱ ወገን ሆኗልና። አደረጃጀቱ የተዘረጋው ሁለቱ ግፊቶች እንዲገናኙ ነው፤ የሚገናኙትም በሠራተኛዋ የሥራ ሰዓት ላይ ነው።

በመሳለሚያ አካባቢ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ነገሩ አንድ ተጨማሪ መልክ ይይዛል። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት እስከ እህል በረንዳ ወይም እስከ መርካቶ የጽሕፈት መሣሪያና የቤት ዕቃ ሱቆች ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። ሌላ ወረዳ ያለ አቅራቢ ክፍያው ቢዘገይ ስልክ ይደውላል፤ እዚህ ያለው ሱቁን ለልጁ ትቶ ራሱ ይመጣል። የዱቤ ዕቃ ያወጣበት ጅምላ ነጋዴ ጎረቤቱ ስለሆነ እሱም ተጨንቋል። ስለዚህ የሂሳብ ባለሙያዋ ፊት ያለው ወረፋ በሁለቱ ኃላፊዎች ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ማን በአካል መጥቶ ቆሟል በሚለውም ሊወሰን ይችላል። ይህ ሦስተኛ ግፊት በየትኛውም የመዋቅር ሥዕል ላይ አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሁለቱም ይበረታል።

ነገሩን በአንድ የታሰበ ምሳሌ መከተል ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተቀመጡ ናቸው፤ የሥራዎቹ ዓይነት ግን በየወረዳው የሚታወቅ ነው። አንዲት የፑል ሂሳብ ባለሙያ ዓመቱ ሊዘጋ ዘጠኝ የሥራ ቀን ቀርቷታል። አስተባባሪዋ የሚያዝያንና የግንቦትን የባንክ ማስታረቂያ እንድትጨርስ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ስም የቆዩ የውሎ አበልና የቅድሚያ ክፍያ ተሰብሳቢዎችንም እንድታወራርድ አዘዋታል። ማስታረቂያው ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ሁለት ቀን፣ ተሰብሳቢው ሦስት ቀን ይወስዳል፤ ድምሩ ሰባት ቀን ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በበኩላቸው አሥራ አራት የግዢ ክፍያዎች ሰኔ 30 ሳይደርስ እንዲያልቁ ይፈልጋሉ፤ እሷ በገመተችው መሠረት ይህ አምስት ቀን ይፈጃል። ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት ነው። ቀኑ ግን ዘጠኝ ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ የሚያደርገው ለሁለቱም «እሺ» ማለት ነው። ይሉኝታው አለ፤ አለቃ ፊት ቆሞ አይሆንም ማለት ይከብዳል፤ ሁለቱም ኃላፊዎች ደግሞ «እህቴ፣ ይቺን ብቻ አግዢኝ» በሚል መልክ ነው የሚጠይቁት። ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ ጠዋት የአንዱን፣ ከሰዓት የሌላውን ትሠራለች፤ ማታ ታመሻለች፤ ሰኔ 28 ላይ ሁለቱም ያልተጠናቀቀ ሥራ ያገኛሉ። ለሁለቱም የተሰጠው «እሺ» በእርግጥ የሦስት ቀን ሥራ እንደማይሠራ የተወሰነ ውሳኔ ነው። የትኛው ሦስት ቀን እንደሚጎድል ግን ማንም አልወሰነም፤ ድካምና አጋጣሚ ወሰኑት። ሁለት ባላ ትከል የሚለው ብሂል ለመጠባበቂያ ይሠራል፤ አንድን ቀን ሁለት ባላ ላይ ማንጠልጠል ግን አይቻልም።

ሌላው የተለመደ መንገድ በልብ አንዱን መምረጥ ነው። የሚመረጠው ብዙ ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን የሚሞላው ኃላፊ፣ ወይም በአካል ቅርብ የሆነው ነው። ባለሙያዋ በፑሉ ክፍል ከተቀመጠች ሂሳቡ ይቀድማል፤ ጠረጴዛዋ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከሆነ ክፍያው ይቀድማል። አንድ ማትሪክስ ወደ የትኛው ወገን እንደተጋደለ ለማወቅ ሠራተኛውን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ምዘናውን የሚፈርመውን ሰውና የጠረጴዛውን ቦታ ማየት ይበቃል።

የተሻለው መንገድ የሚጀምረው ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ በመበተን ነው። «አሥራ አራት ክፍያ» የሚለው ጥያቄ አንድ ነገር ይመስላል፤ ፋይሎቹ ሲገለጡ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስምንቱ ሙሉ ሰነድ አላቸው፤ የግዢ መጠየቂያው፣ የዋጋ ማቅረቢያዎቹ፣ የአቅራቢው ደረሰኝና ንብረት ክፍል ዕቃውን የተረከበበት ሞዴል 19 ተያይዘዋል። እነዚህ ቅድመ ግብሩ ተሰልቶ፣ ወጪው ተመዝግቦ፣ ቼክ ተዘጋጅቶ በሁለት ቀን ያልቃሉ። አራቱ ላይ ዕቃው መጋዘን ገብቷል፤ ሞዴል 19 ግን ገና አልተቆረጠም። የቀሩት ሁለቱ ዕቃቸው ጭራሽ አልመጣም፤ ደረሰኙ ብቻ ነው የቀረበው።

አራቱ የሚፈልጉት የንብረት ሠራተኛውን እጅ ነው፤ ሞዴል 19 እስኪቆረጥ ድረስ የሂሳብ ባለሙያዋ ሌት ተቀን ብትቀመጥም የምታደርገው የለም። ሰነዱ ሲሟላ አንድ ቀን ይበቃቸዋል። በተጨማሪም በኢትዮጵያ መንግሥት የሂሳብ አያያዝ ዕቃው እስከ ሰኔ 30 ገቢ ከሆነና ግዴታው ከተመዘገበ፣ ክፍያው እስከ ሐምሌ 30 ባለው የችሮታ ጊዜ ተፈጽሞ በተዘጋው ዓመት ወጪነት ሊያዝ ይችላል። ብዙ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በሰኔ የሚጨነቁት ይህን ሳያውቁ ወይም ሳያምኑ ነው። የፑሉ ሰዎች ያውቁታል፤ ለሌላው ማስረዳት ግን ሥራቸው መስሎ አይታያቸውም። የሙያ ኃላፊና የአገልግሎት ኃላፊ የሚጋጩበት ግማሹ ምክንያት እንዲህ ያለ፣ በአንዱ ክፍል ግድግዳ ውስጥ የቀረ እውቀት ነው።

ሁለቱ ያልመጡ ዕቃዎች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ኃላፊው «ዕቃው ሐሙስ ይገባል፣ አቅራቢው የምናውቀው ሰው ነው፣ ሞዴል 19 ይቆረጥና ቼኩ ይዘጋጅ» ቢሉ፣ ይህ እንደ ቅድሚያ ጥያቄ ይሰማል፤ ነገር ግን የቅድሚያ ጥያቄ አይደለም። ያልገባ ዕቃ እንደገባ የሚመሰክር ሰነድ መሥራት ነው። በሁለት አለቃ መካከል ያለ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት ይህን ልዩነት ነው። የጊዜ ግጭት ከሆነ ይለዋወጡታል፣ ያዘዋውሩታል፣ ይቀንሱታል፤ የሚወስኑትም ኃላፊዎቹ ናቸው። የደንብ ግጭት ከሆነ ግን ሁለቱ ኃላፊዎች ቢስማሙበትም አይፈጸምም፤ ስምምነታቸው ሰነዱን እውነት አያደርገውምና። አደገኛው ነገር ሁለተኛው ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። «አስቸኳይ ነው» የሚለው ቃል ስለ ጊዜ ይመስላል። መለያው ቀላል ነው፤ ሠራተኛዋ ሃያ ቀን ቢሰጣት ጥያቄው ያስቸግራት ነበር ወይ? ጊዜ ሲጨመር የሚፈታ ከሆነ የጊዜ ነው። ሃያ ቀን ተጨምሮም የማይፈረም ከሆነ የደንብ ነው። እንዲህ ባለው ጉዳይ ባለሙያዋ «ዕቃው በገባ ዕለት ክፍያውን አስቀድማለሁ» ብላ ምክንያቱን በጽሑፍ ትመልሳለች። ግፊቱ ከቀጠለ ጉዳዩን ለአስተባባሪዋ ታቀርባለች፤ አስፈላጊ ከሆነም ውስጥ ኦዲት እንዲያውቀው ይደረጋል። የሙያ ኃላፊ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ለዚህ ሰዓት ነው፤ ፑሉ ከጽሕፈት ቤቶቹ ውጭ የተቀመጠበት አንዱ ጥቅም ፈራሚው ለዕቃው ፈላጊ ብቻ እንዳይታዘዝ ነው።

አሁን ሒሳቡ ተለውጧል። ከአሥራ አራቱ ክፍያዎች ስምንቱ ሁለት ቀን፣ አራቱ አንድ ቀን ይወስዳሉ፤ ሁለቱ ከዕቅዱ ወጥተዋል። አምስት ቀን የነበረው ሦስት ሆኗል። ከአስተባባሪው ሰባት ቀን ጋር አሥር ይሆናል። ዘጠኝ ቀን ለያዘ ሰው የጎደለው አንድ ቀን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሦስት ቀን ጉድለት ሁለት ሦስተኛው ማንም ሳይጣላ ቀልጧል። ጥያቄዎች ሳይበተኑ ወደ ኃላፊዎች ከሄዱ ግን ክርክሩ የሚሆነው «ሂሳብ ይቅደም ወይስ ትምህርት» የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

የቀረው አንድ ቀን ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ የአስተባባሪውም ጥያቄ ይበተናል። ሦስት ቀን የሚፈጀው የተሰብሳቢ ማወራረድ ሥራ ብዙው ክፍል ሂሳብ አይደለም፤ ለመስክ ወጥተው ሰነድ ያልመለሱ ሠራተኞችን እየደወሉ መለመን ነው። እነዚያ ሠራተኞች የፑሉን ባለሙያ አይፈሯትም። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ግን በአንድ ማስታወሻ ሰነዶቹን በሁለት ቀን ማስመለስ ይችላሉ። ያ ከተደረገ ማወራረዱ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ድምሩም ዘጠኝ ይመጣል። አንዱ ኃላፊ ሌላው የሚፈልገው ነገር በእጁ አለ፤ አስተባባሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለስምንቱ ክፍያዎች ይለቃሉ፣ ኃላፊው ሰነዶቹን ያስመልሳሉ። ይህን ልውውጥ ሊያየው የሚችለው ሁለቱንም ፋይል የያዘ ሰው ብቻ ነው። ሁለት አለቃ ያለው ሠራተኛ ከችግሩ ጋር አብሮ የተሰጠው ብቸኛ ጥቅም ይህ ነው።

ልውውጡን ማየትና መወሰን ግን የተለያዩ ናቸው። ባለሙያዋ በራሷ ቅደም ተከተል አውጥታ ብትሠራ፣ ቅደም ተከተሉ ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ ሐሳቡን ለሁለቱም በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ጊዜ ታቀርባለች። ለአንዱ በቃል፣ ለሌላው በጽሑፍ የቀረበ ነገር በማግስቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናል። ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም፦

«ለፋይናንስ ፑል አስተባባሪ እና ለትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። ጉዳዩ፦ እስከ ሰኔ 30 የሚሠሩ ሥራዎችን ቅደም ተከተል ይመለከታል። ቀሪው የሥራ ቀን 9 ሲሆን የታዘዙት ሥራዎች 10 ቀን ይወስዳሉ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች የተሰብሳቢ ሰነድ በሁለት ቀን ውስጥ ከመለሱ ሥራው በ9 ቀን ይጠናቀቃል። የቀረበው ሐሳብ፦ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰነዳቸው የተሟላ 8 ክፍያዎች፤ ቀጥሎ 4 ቀን የሚያዝያና የግንቦት ባንክ ማስታረቂያ፤ ቀጥሎ 2 ቀን ተሰብሳቢ ማወራረድ፤ በመጨረሻው ቀን ሞዴል 19 የተቆረጠላቸው 4 ክፍያዎች። ሞዴል 19 ያልተቆረጠለት ክፍያ ወደ ችሮታ ጊዜው ይተላለፋል። ዕቃቸው ያልገባ 2 ግዢዎች አልተካተቱም። እስከ ነገ 6፡00 ሰዓት ድረስ የተለየ መመሪያ ካልተሰጠኝ በዚሁ መሠረት የምሠራ መሆኑን አሳውቃለሁ።»

የዚህ ማስታወሻ ጉልበት በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ወረቀት በሁለት ቢሮ መካከል ሲንከባለል ሦስት ቀን ይበላል። ሐሳብና የጊዜ ገደብ የያዘ ወረቀት ግን ዝምታንም መልስ ያደርገዋል። ከኃላፊዎቹ አንዱ ካልተስማማ እስከ ቀኑ 6፡00 ሰዓት መናገር አለበት፤ ሲናገርም ተቃውሞው ለባልደረባው ይሆናል፣ ለሠራተኛዋ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ግልባጭ። በቢሮ ልማድ ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ግልባጭ የተደረገበት ማስታወሻ የሥራ ሐሳብ መሆኑ ይቀርና ክስ ይሆናል። ሁለቱ ኃላፊዎች ከዚያ በኋላ የሚያስቡት ስለ ዘጠኙ ቀን ሳይሆን ለምን ተከሰስን ስለሚለው ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ለሁለቱ ብቻ ይሂድ። ካልተስማሙ ወደ ጋራ አለቃቸው መሄድ ያለባቸው ራሳቸው ኃላፊዎቹ ናቸው፤ በወረዳ ደረጃ ሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች የሚገናኙት ሥራ አስፈጻሚው ጋ ነውና። ሠራተኛዋ አንዱን ወክላ እዚያ ከታየች ውሳኔው የትም ቢያዘነብል በቀጣዩ ዓመት ከተሸነፈው ወገን ጋር መሥራት ይከብዳታል። በራሷ መሄድ የሚገባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ኃላፊዎች በደንብ ጥሰቱ ተስማምተው ሲያስገድዷት።

የቃልና የስልክ ትእዛዝ ለብቻው መታየት ይገባዋል። የጽሑፍ ዕቅዱ በተስማሙበት ማግስት ከኃላፊዎቹ አንዱ ደውለው «ያን ትተሽ ይህን» ሊሉ ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም «ከላይ የመጣ ነው» ይታከልበታል። ሊሆንም ይችላል፣ እውነት ከላይ የመጣ። መከራከር ዋጋ የለውም። ትእዛዙን ተቀብሎ በዚያው ሰዓት ለሁለቱም በአንድ መልእክት «ዛሬ በታዘዝኩት መሠረት ይህን ሥራ አስቀድሜያለሁ፤ የግንቦት ማስታረቂያ በአንድ ቀን ይዘገያል» ብሎ ማሳወቅ ይሻላል። ማትሪክስ የሚታመመው ቅድሚያ ስለሚለወጥ አይደለም፤ ሁለተኛው ኃላፊ ለውጡን የሚሰማው ሥራው ከዘገየ በኋላ ሲሆን ነው። የሚዘገየውን ነገር በስም መጥራት ሌላም ጥቅም አለው፤ ደዋዩ ትእዛዙ ዋጋ እንዳለው በዓይኑ ያየዋል፣ አንዳንዴም ትእዛዙን ይመልሰዋል።

አደረጃጀቱ መታመሙን የሚያሳዩ ምልክቶች ከሰኔ በፊት ይታያሉ። ሁሉም ማስታወሻ «አስቸኳይ» የሚል ማኅተም ሲያርፍበት፣ ማኅተሙ መረጃ መስጠት አቁሟል። ሠራተኛው ለእያንዳንዱ ኃላፊ የተለየ የሥራ ዝርዝር ሲያሳይ፣ አንዱ ኃላፊ ስለ ሌላው ትእዛዝ የሚሰማው ከሠራተኛው ብቻ ሲሆን፣ አቅራቢዎች የሚከፈላቸውን ቀን ከኃላፊው ይልቅ ከባለሙያዋ ሲጠይቁ፣ ቅድሚያ የመስጠት ሥልጣን ሳይታወቅ ወደ ታች ወርዷል። የመጨረሻው በመርካቶ ዙሪያ አደገኛ ነው። ወረፋውን የምትወስነው እሷ እንደሆነች ነጋዴው ካወቀ፣ የሚለምነውም የሚያባብለውም እሷን ይሆናል። የክፍያ ቅደም ተከተሉ በሁለቱ ኃላፊዎች ፊርማ ተለጥፎ ቢታይ ባለሙያዋን ከዚህ ሁሉ ያድናታል።

ኃላፊዎቹም የሚያስተካክሉት ነገር አለ። ምዘናውን ፑሉ ብቻውን ከሚሞላው የጽሕፈት ቤቶቹ አስተያየት ገብቶበት ቢሞላ፣ የሰኔው መጋደል በከፊል ይቃናል። ከዚያ የሚበልጠው ግን የግዢ ዕቅድ ነው። በሰኔ የሚጨናነቀው ክፍያ በአብዛኛው በጥቅምት መጠየቅ የነበረበት ግዢ ነው፤ ዕቅዱ ሐምሌ ላይ ለደንቡ ያህል ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለቱ ኃላፊዎች በየሩብ ዓመቱ አንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠው ዕቅዱን ከባንክ ማስታረቂያው የጊዜ ሰሌዳ ጎን ቢያዩት፣ የትኞቹ ሳምንታት እንደሚደራረቡ አስቀድሞ ይታወቃል።

ሁለት አለቃ ሥራውን እያከበደው ቢሆንም በየትኛውም ማስተካከያ የማይቀል ጊዜም አለ። ኤቢቢ የተባለው የስዊድንና የስዊዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ከውሕደት ሲወለድ በአገርና በምርት ዘርፍ ድርብ ተጠሪነት ተደራጅቶ ለዓመታት እንደ አርአያ ሲጠቀስ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ግን አገር ነክ የሆነውን መስመር ትቶ በምርት ዘርፍ ብቻ ተደራጀ። ሁለት ግፊቶች እኩል መሆናቸው ሲቀር ሁለት አለቃ ማቆየት ወጪ ብቻ ይሆናል። በወረዳ ፑል ሁኔታ ግን ሁለቱም ግፊቶች አሉ፤ የሂሳብ ሥርዓቱም አገልግሎቱም አይቀሩም። እዚህ የሚታየው የተለየ ወሰን የሰው ቁጥር ነው። ጥያቄዎች ከተበተኑ፣ ሊተላለፍ የሚችለው ከተላለፈ፣ ልውውጡም ከተደረገ በኋላ የሥራው ቀን ከቀሪው ቀን በየወሩ የሚበልጥ ከሆነ፣ ጉዳዩ የቅድሚያ መሆኑ ቀርቷል፤ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው። ያን በቃል የሚቀርብ አቤቱታ አያስረዳውም። ዓመቱን ሙሉ የተጻፉት አጫጭር ማስታወሻዎች፣ በየአንዳንዳቸው «ቀሪው ቀን ይህን ያህል፣ ሥራው ይህን ያህል» የሚለው መስመር ያለባቸው፣ ተሰብስበው ሲቀርቡ ግን አስተባባሪው ለቀጣዩ የበጀት ዓመት ተጨማሪ የሥራ መደብ ሲጠይቁ የሚያያይዙት ማስረጃ ይሆናሉ።